ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ለምን ይንፏቀቃል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የምሠራው ከቤት ነው፤ ፋይል እልካለሁ፣ በቪዲዮ ስብሰባ እገባለሁ። ሲም የሚገባበትን ራውተር ከተማውን የሚያየው ትልቁ መስኮት ላይ አስቀምጫለሁ። የኔትወርክ መብራቶቹ አምስቱም በርተዋል። ስፒዱ ግን ቀን ከ5 ሜጋ አያልፍም፣ ማታማ ተዉት። የራውተሩ ገጽ RSRP -79 dBm፣ RSRQ -14 dB፣ SINR 1 dB ይላል። አንድ ሱቅ «ከዙሪያው የሚቀበል አንቴና ጣሪያ ላይ ትከይ፣ ይጨምርልሻል» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢ። ቢያንስ ያንን አንቴና አትግዢ። ገንዘብሽን ጨርሰሽ ስፒዱ ባለበት ሊቀር፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ቁጥሮቹን አንብበሽ መላክሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» ብቻ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ተነስቶ መፍትሔ መስጠት ከባድ ነው። ካንቺ ቁጥሮች ግን ችግሩ የት እንዳለ በደንብ ይታያል።

ያንቺ ችግር የሲግናል ማነስ አይደለም። ሲግናል በዝቶብሻል። አንዱን ታወር ብቻ መስማት ሲገባው፣ ራውተርሽ ብዙ ታወሮችን በአንድ ላይ እየሰማ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። RSRP ማለት ራውተርሽ ከተገናኘበት ታወር የሚደርሰው ሲግናል ጉልበት ነው። ቁጥሩ ሁሌም ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጠንካራ ነው። ከ-80 የተሻለ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው። እስከ -95 ድረስ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። ከ-110 በታች ሲወርድ ነው እውነተኛ ድካም የሚጀምረው። ያንቺ -79 ነው። በጉልበት በኩል ከዚህ የተሻለ መፈለግ አያስፈልግም።

SINR ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚለካው። የራስሽ ታወር ድምፅ ከሌሎች ታወሮች ድምፅና ከሌላው ጫጫታ ሁሉ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይነግርሻል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንቅ ነው። ከ13 በላይ ጥሩ ነው። ከ5 በታች ደካማ ነው፣ ከዜሮ በታች ከወረደ መስመሩ ራሱ ሊቋረጥ ይችላል። ያንቺ 1 ነው። በሽታው ያለው እዚህ ጋ ነው። የሲግናሉን ጥራት የሚለካው RSRQ -14 ማለቱም ይህንኑ ነው የሚያረጋግጠው፤ እሱ -10 አካባቢ ወይም የተሻለ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሦስቱንም ለመከታተል አትድከሚ። ከአሁን በኋላ ዓይንሽ SINR ላይ ይሁን።

የራውተሩ መብራቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ጉልበቱን ብቻ ነው። አምስቱም የበሩት ለዚህ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቶች ሁሉ በአንድ ላይ ሲጣሩ አስቢው። ያንቺን መስመር የሚጠራው ረዳት አጠገብሽ ቆሞ ይጮህ ይሆናል። ዙሪያውን ያሉትም እኩል ከጮሁ ግን ስለ ዋጋው የሚነግርሽን አትሰሚም።

ይህ የሚሆነው 4ጂ በተሠራበት መንገድ ምክንያት ነው። በ4ጂ ጎረቤታሞች የሆኑ ታወሮች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው የሚያሰራጩት። በድሮው የድምፅ ኔትወርክ እያንዳንዱ ታወር ከጎረቤቱ የተለየ ፍሪኩዌንሲ ይሰጠው ነበር። በ4ጂ ያ ቀርቷል፤ ሁሉም ሙሉውን እንዲጠቀም ተብሎ። ስለዚህ አጠገብ ያለው ታወር ለሌላ ሰው የሚልከው ዳታ ላንቺ ራውተር ጫጫታ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ላሳይሽ። የታወርሽ ጉልበት 100 ነው እንበል። ሌላ ታወር በ3 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ ይሰማል። 3 ዴሲቤል ማለት ግማሽ ስለሆነ የእሱ 50 ነው። ሦስተኛው በ5 ዴሲቤል ዝቅ ይላል፤ ወደ 32 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 82 ነው። ያንቺ 100 ደግሞ ከ82 በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ይህ በዴሲቤል ሲነገር 1 አካባቢ ነው። ገጹ ላይ ያየሽው SINR 1 ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ታወሩ ደግሞ ይህንን ያውቃል። ራውተርሽ «እንዲህ ያህል ነው የምሰማው» እያለ በየጊዜው ሪፖርት ይልክለታል። SINR ዝቅ ሲል ታወሩ ጥንቃቄ ያበዛል። በአንድ ምት 2 ቢት ብቻ ይጭናል፤ ከዚያም ላይ ብዙው ለስህተት ማረሚያ ይውላል። SINR ሲጨምር በአንድ ምት 6 ቢት መጫን ይጀምራል፣ ማረሚያውም ይቀንሳል። በተጨማሪ ራውተርሽ ውስጥ ያሉት ሁለት አንቴናዎች ሁለት የተለያዩ የዳታ ጅረቶችን በአንድ ጊዜ የመቀበል ዕድል ያገኛሉ። ከ1 ወደ 15 ብትወጪ፣ በዚያው ታወር፣ በዚያው ሲም፣ በዚያው ፓኬጅ ስፒዱ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። መሣሪያ ሳትቀይሪ የምታገኝው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ። ሐዋሳ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ታቦር ሥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ከተማውን የሚያይ መስኮት ለዓይን ድንቅ ነው። ለራውተር ግን በከተማው ያሉትን ታወሮች በሙሉ ያለ ከልካይ የሚያይ ቦታ ነው። ቆርቆሮ የለ፣ ግድግዳ የለ፣ ሁሉም በቀጥታ ይደርሳል። ወደ ሐይቁ የሚያዩ ቤቶችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ውኃው ላይ የሚያግደው ነገር ስለሌለ የሩቁም ሲግናል ብዙ ሳይደክም ይመጣል። ሰፈሩ ውስጥ ምድር ቤት የሚኖር ጎረቤትሽ ሦስት መብራት ብቻ በርቶለት ካንቺ የተሻለ ስፒድ ቢያገኝ አይግረምሽ። በዙሪያው ያሉት ቤቶች የሌሎቹን ታወሮች ጩኸት ከልለውለታል።

ከዙሪያው የሚቀበለውን አንቴና አትግዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። እሱ ምርጫ የለውም። ጣሪያ ላይ ስትሰቅይው የራስሽን ታወር ከፍ ያደርጋል፣ የሌሎቹንም እኩል ከፍ ያደርጋል። RSRP -70 ይገባና ደስ ይልሻል፤ SINR ግን እዚያው ይቀራል። ሻጩ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ገጠር ውስጥ፣ አንድ ታወር ብቻ ከሩቅ በሚሰማበት ቦታ፣ ያ አንቴና በእርግጥ ይጠቅማል። ያንቺ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም።

መፍትሔው የሚጀምረው ካለሽ ቤት ነው። ግድግዳሽን እንደ ጋሻ ተጠቀሚበት። ራውተሩን የራሱን ታወር እንዲያይ፣ ሌሎቹ ግን በግድግዳ እንዲታገዱ አድርገሽ አስቀምጪው። ጉልበት ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ቅድም ያነሳነውን ሒሳብ እንቀጥለው። አዲሱ ቦታ የራስሽን ታወር በ10 ዴሲቤል ቢቀንሰው፣ 100 የነበረው 10 ይሆናል። ሁለቱን ጎረቤት ታወሮች ግን ኮንክሪቱ በ25 ዴሲቤል ቢቀንሳቸው፣ 82 የነበረው 0.26 ብቻ ይሆናል። 10ን ለ0.26 ስታካፍይ 38 ገደማ ታገኛለሽ። በዴሲቤል ሲነገር ወደ 16 ነው። RSRP ከ-79 ወደ -89 ወረደ፣ SINR ከ1 ወደ 16 ወጣ። ከመብራቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን ይለቀቃል።

«ጉልበቱ ከቀነሰ አይጎዳኝም ወይ?» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ራውተሩ ራሱ የሚፈጥረው የተፈጥሮ ጫጫታ በዚህ መለኪያ -125 አካባቢ ነው። -95 ብትሆኚ እንኳ ከዚያ በ30 ዴሲቤል ከፍ ብለሻል፤ ይህም አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለመጣል የሚበቃ ብዙ ጉልበት አለሽ። ወደ -105 ስትጠጊ ግን ልጓም ያዢ። እዚያ አካባቢ የምትልኪው ነገር መጎዳት ይጀምራል፤ ራውተርሽ ወደ ታወሩ የሚጮኸው በትንሽ ጉልበት ነውና። ፋይል ለምትልክና በቪዲዮ ለምትገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ። ከመጀመርሽ በፊት ኮምፒውተርሽን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኚው። ዋይፋዩ የራሱ ችግር ካለው ምርመራውን ያበላሽብሻል። በኬብል 5 ሜጋ፣ በዋይፋይም 5 ሜጋ ከሆነ ዋይፋዩ ንጹህ ነው። በኬብል 20 ሆኖ በዋይፋይ 5 ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን ሁሉ ትተሽ ኮምፒውተርሽን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አዙሪው፤ ሌላው ትርፍ ነገር ነው።

ከዚያ የራውተሩን ገጽ ክፈቺ። አድራሻው ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ብዙ የሁዋዌ ራውተሮች 192.168.8.1 ነው የሚጠቀሙት። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ Device Information በሚለው ሥር ይገኛሉ። ከRSRP እና SINR ጋር Cell ID ወይም PCI የሚል ቁጥርም ታያለሽ። እሱ የታወሩ መለያ ነው። እያንዳንዱ ታወር ብዙ ጊዜ ሦስት አቅጣጫ ያሰራጫል፣ እያንዳንዱ አቅጣጫም የራሱ መለያ አለው። ይህን ቁጥር አትርሺው፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

ደብተር ያዢ። ራውተሩን በየክፍሉ አዙሪው፤ መስኮት፣ ኮሪደር፣ ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ደረጃ በኩል ያለው ግድግዳ። በእያንዳንዱ ቦታ አስቀምጠሽው ራቅ በይ። ሰውነታችን ሲግናል ይውጣል፤ አጠገቡ ቆመሽ ያነበብሽው ቁጥር ውሸት ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። SINR ይዋዥቃል፤ ከፍተኛውን ሳይሆን መሐሉን ጻፊ። ከዚያ ስፒድ ቴስት አድርጊ። ሁለቱንም፣ ማውረዱንም መላኩንም፣ መዝግቢ።

ጥሩ ቦታ ስታገኚ ደግሞ እዚያው ላይ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሺው። በ1800 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። ሲግናሉ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚደራረብ፣ በአራት ጣት ልዩነት ቁጥሩ በብዙ ዴሲቤል ሊለወጥ ይችላል። በራሱ ዙሪያም ሩብ ሩብ ዙር አዙሪው። ብዙ ሰው ጠረጴዛ ቀይሮ ተስፋ ይቆርጣል፤ ያው ጠረጴዛ ላይ ወደ ግራ ትንሽ ቢገፋው ግን ይሆንለት ነበር።

ከምን እንደምታርቂውም ልንገርሽ። የመስኮት የብረት ፍርግርግ፣ ፍሪጅ፣ ቁም መስታወት፣ ቴሌቪዥን፣ ከውጭ ሲታይ የሚያንጸባርቅ መስታወት፣ ሁሉም ሲግናል ይመልሳሉ። ጣሪያ ላይ ያለ ውኃ የሞላ ሮቶም ትልቅ ግድግዳ ነው። እነዚህን ግን እንደ ጠላት ብቻ አትያቸው። ሮቶው ወይም ፍሪጁ በማትፈልጊው ታወር በኩል ከሆነ ጋሻሽ ነው።

እዚያው ታቦር በኩል ያስተካከልኩት አንድ ቤት ከያንቺ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ። ራውተሩ ከተማውን የሚያየው መስኮት ላይ ነበር። RSRP -77፣ SINR 2፣ ማውረድ 6 ሜጋ። የታወሩ መለያም አንድ ቦታ አይረጋም፤ በሦስት ቁጥሮች መካከል ይዘላል። በቪዲዮ ሲነጋገሩ ድምፅ የሚቆራረጠው ለዚህ ነበር፤ ራውተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በዘለለ ቁጥር መስመሩ ለአፍታ ይደናቀፋል።

መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ ወሰድነው፣ ከደረጃው የኮንክሪት ግድግዳ ኋላ። RSRP ወደ -96 ወረደ። የቢሮው ባለቤት መብራቶቹ ሲጠፉ ሲያይ ተደናገጠ። SINR ግን 10 ገባ፣ ማውረዱም 19 ሜጋ ሆነ። ጥሩ ነበር፤ መላኩ ግን ደከመ፣ 3 ሜጋ ብቻ። ለዲዛይን ቢሮ ይህ አይሆንም። ከዚያ በጓሮ በኩል ወዳለችው የወጥ ቤት ትንሽ መስኮት ሄድን። መስኮቷ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለ ክፍተት ነው የምታየው፤ በዚያ ክፍተት አንድ ታወር ብቻ ይገባል። RSRP -88፣ SINR 15፣ ማውረድ 30፣ መላክ 11። መለያው አንድ ቁጥር ላይ ረጋ። ራውተሩ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቀረ፣ ከሱ እስከ ቢሮው ረጅም የኔትወርክ ኬብል ተዘረጋ። ወጪው ኬብሉ ብቻ ነበር።

ኬብሉን አጥብቄ የምመክረው በምክንያት ነው። ሰው ራውተሩን የሚያስቀምጠው መቀመጫው አጠገብ ነው፤ ዋይፋዩ እንዲደርሰው ብሎ። ራውተሩ ግን መቀመጥ ያለበት ታወሩን በደንብ በሚሰማበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ አንቺ ያለውን መንገድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ስፒድ ሳያጎድል ያደርስልሻል። ዋይፋዩ ካልደረሰ ከኬብሉ ጫፍ ላይ ሌላ ርካሽ የዋይፋይ ራውተር ትሰኪበታለሽ።

ቦታ ቀይረሽም የታወሩ መለያ መዝለሉን ካላቆመ፣ ወይም SINR ከ5 ካላለፈ፣ ወደ ቅንብሩ ግቢ። አንዳንድ ራውተሮች የትኛውን ባንድ፣ ማለትም የትኛውን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ እንደሚጠቀሙ ያስመርጣሉ። B3 ማለት 1800 ሜጋኸርዝ ነው፣ B20 ማለት 800፣ B7 ማለት 2600። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ግድግዳ በደንብ ያልፋል፣ ሩቅም ይሄዳል፤ ከሩቅ ያለውንም ታወር ይዞብሽ ይመጣል ማለት ነው። ከፍተኛው ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። ለደካማ ሲግናል ይህ መጥፎ ነው። ታወር ለበዛበት ቤት ግን አንዳንዴ መድኃኒት ነው፤ የሩቆቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ። አንድ በአንድ ሞክሪያቸውና SINR እና ስፒዱን ጻፊ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ራውተርሽ ሁለት ባንዶችን ደምሮ የሚሠራ ከሆነ፣ አንዱን ብቻ ስትመርጪ መደመሩ ይቆማል። SINR ጨምሮ ስፒዱ ከቀነሰ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላልና ወደ ነበረበት መልሺው። ምርጫው ገጽሽ ላይ ከሌለ ደግሞ ይቅር። ሶፍትዌሩን እንቀይርልሽ ለሚሉሽ አትስጪ፤ ራውተሩ ጭራሽ ሊሞት ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው ስለ አንቴና የምናወራው። ያኔም የሚገዛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የመሰለው ነው። ከፊቱ ያለውን ያጎላል፣ ከጎንና ከኋላ ያለውን ይቀንሳል፤ ግድግዳ የሚሠራልሽን ሥራ ይሠራል። ሁለት ኬብል የሚወጣው መሆን አለበት፤ ራውተርሽ ሁለት ጅረት የሚቀበለው በሁለት አንቴና ነው። አንድ ኬብል ብቻ ብትሰኪ ሁለተኛውን ጅረት ልታጪ ትችያለሽ። ከመግዛትሽ በፊት ራውተርሽ ኋላው ላይ የአንቴና መሰኪያ እንዳለውና ምን ዓይነት እንደሆነ አረጋግጪ። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ በመፈተል የሚታሰረውን ኤስኤምኤ ይጠቀማሉ፣ በኪስ የሚያዙት ደግሞ ተጭኖ የሚገባውን ትንሹን። ከሰካሽው በኋላ ቅንብሩ ውስጥ የውጭ አንቴና ምረጪ የሚል ካለ ምረጪ፤ ሳትመርጪ ከቀረሽ ራውተሩ በውስጡ አንቴና እየሠራ «ለውጥ የለውም» ትያለሽ።

የአንቴናው ኬብል ነገር ብዙ ሰው ያከስራል። ቀጭኑ ኬብል በአንድ ሜትር ከ1 ዴሲቤል በላይ ይበላል። 10 ሜትር ቀጭን ኬብል ከዘረጋሽ አንቴናው የጨመረልሽን ኬብሉ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ወፍራሙ በሜትር 0.2 ገደማ ብቻ ነው የሚበላው፤ ግን ውድ ነው፣ አይተጣጠፍም። ስለዚህ ራውተሩን ወደ አንቴናው አስጠጊው፤ የአንቴናው ኬብል ሁለት ሦስት ሜትር ይሁን፣ ቀሪውን በኔትወርክ ኬብል ጨርሺው።

ስታነጣጥሪም በዓይን ወደሚታየው ታወር ብቻ አትሂጂ። እሱ የሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ። ከአንድ ጎን ጀምረሽ አንቴናውን በትንሽ በትንሹ አዙሪ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ፣ SINR እና መለያውን ጻፊ። ከፍተኛ SINR የሰጠሽ አቅጣጫ ላይ እሰሪው። ሐዋሳ ክረምት ላይ መብረቅ ስላለ ውጭ የተሰቀለ አንቴና መሬት የሚያወርድ ሽቦ ያስፈልገዋል። ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር ኬብሉን ከራውተሩ ንቀይው።

የማታው ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ቦታውን ካስተካከልሽ በኋላ ማታ 3 ሰዓት ላይና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለክቺ። ማታ SINR 15፣ ሌሊትም 15 ሆኖ፣ ስፒዱ ግን ማታ 7፣ ሌሊት 35 ከሆነ፣ ታወሩ ሰው በዝቶበታል። ያለውን አቅም ለሁሉም እያካፈለ ነው። ይህንን አንቴናም ቦታም አያስተካክለውም። ማታ SINR 4፣ ሌሊት 13 ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ታወሮች ማታ ሥራ ሲበዛባቸው ጫጫታቸው ይጨምራል ማለት ነው። እሱን የግድግዳው ዘዴ ይረዳዋል፤ ትንሽ ከለላ ጨምሪበት።

ታወሩ ከሞላ ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ሌላ ታወር መሞከር ነው። በቤቱ በሌላ በኩል፣ ጉልበቱ ዝቅ ያለ ግን SINR ከ10 በላይ የሆነ መለያ ካገኘሽ፣ እሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሌላው የሌላውን ድርጅት ሲም መሞከር ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ሐዋሳ ውስጥ አሉ፤ ታወራቸውም የሰው ብዛታቸውም ይለያያል። ፓኬጅ ከመግዛትሽ በፊት ሲሙን ስልክ ውስጥ ክተቺና ራውተሩ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በማታው ሰዓት ለክቺ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን እንደ ስልክ ቁጥር ስትጽፊ የሲግናል ገጽ ይከፈታል፦

```
*#*#4636#*#*
```

የመጨረሻው ጥንቃቄ፣ ራውተርሽ ከአንዱ ድርጅት የተገዛ ከሆነ ለሌላው ሲም ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ሲሙን ራውተሩ ውስጥም ሳትሞክሪ ትልቅ ፓኬጅ አትግዢ።

ቤቱን ዞረሽ ስትጨርሺ ከየቦታው ያገኘሽውን RSRP፣ SINR፣ የታወሩን መለያ፣ የማውረድና የመላክ ስፒድ እዚሁ ጻፊልኝ። የማታውንና የሌሊቱን ለይተሽ አድርጊው። በየትኛው መስኮት በኩል ምን እንደሚታይም ጨምሪበት፤ ሕንፃ ይሁን፣ ተራራው ይሁን፣ ሐይቁ። ከዚያ የትኛው ጥግ እንደሚሻልሽ አብረን እንመርጣለን። አንቴና የሚያስፈልግ ከሆነም ወዴት እንደሚዞር ያኔ እነግርሻለሁ።